ከሸክላ ወደ ስልክ፦ አንድ ገጽ ቁርኣን ስንቀዳና ስንከፋፍል

 

ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር በመተማ በኩል ድንበር አቋርጠው ከገቡት መካከል ኻርቱም ብዙ ዓመት የኖሩ አንድ ሐጂ ነበሩ። ልብስ ከያዙበት ሻንጣ ሌላ አንድ ካርቶን ሸክላ ይዘው ነው የመጡት። ጥቂቱ የሱዳን ዘፈን፣ ብዙው የቁርኣን ቂርኣት ነው። የግብፁ ቃሪእ ሼኽ መሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉውን ቁርኣን ቀርተው በ1961 እ.ኤ.አ. በሸክላ መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ሸክላ በየአገሩ ሙስሊም ቤት ገብቷል። ሐጂም “ልጆቼ፣ ይሄ ሙቀት ሳይጨርሰው ስልክ ላይ አድርጉልኝ” አሉን። እኛም ገንዳ ውሃ ያለን ጥቂት ጓደኛሞች ሥራውን ተቀበልን። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዱ ሸክላ አንድ ገጽ ነው። ገጹ ከሱረቱ-ዱሓ እስከ ሱረቱ-ናስ ያሉትን 22 ሱራዎች ይዟል፤ ርዝመቱም 20 ደቂቃ ያህል ነው።

መጀመሪያ ስለ ሽቦው። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በሺሕኛ ቮልት የሚቆጠር ትንሽ ነገር ነው። በዚያ ላይ ሸክላው ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ደግሞ ከፍ ተደርጎ ነው። ይህን መልሶ የሚያስተካክለው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። አንዳንዱ ማጫወቻ በውስጡ አለው፤ የሌለው ለብቻው ይፈልጋል። ያለ እሱ ገመዱን በቀጥታ ላፕቶፕ ላይ ከሰካችሁት የቃሪኡ ድምፅ ደረት የሌለው፣ ቀጭንና የሚያፏጭ ሆኖ ይሰማል። ምልክቱ ይኸው ነው። እኛ ከፕሪአምፑ ወደ አንድ ትንሽ የዩኤስቢ የድምፅ ካርድ፣ ከካርዱ ወደ ላፕቶፑ አገናኘን። መቅጃችን በነጻ የሚገኘው Audacity ነው።

ቀጥሎ የመቅጃው መጠን መጣ። በኮምፒውተር ቀረጻ 0 ዴሲቤል ጣሪያው ነው። ከዚያ የሚያልፈው ድምፅ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ደግሞ በኋላ በምንም አይመለስም። ስለዚህ ገጹን ሳንቀዳ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጫውተን መለኪያውን ብቻ ተመለከትን። ቃሪኡ ዝግ ብለው ጀምረው ወደ ኋላ ድምፃቸውን ከፍ ስለሚያደርጉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች አይቶ መወሰን አይበቃም። መለኪያው አንድ ቦታ ላይ 0 ነካ። ሰፋ አድርገን ስናየው ግን እንደ መርፌ የቀጠነች አንዲት ጫፍ ናት፤ የጭረት “ጠቅ” እንጂ የሰው ድምፅ አይደለችም። የቃሪኡ ከፍተኛ ድምፅ -2 ላይ ነበር። የካርዱን ማዞሪያ ዝቅ አድርገን ድምፃቸውን -7 ላይ አመጣነውና ሁለቱንም ገጾች በዚያው ቀዳን።

“ዝቅ ካለ ጥራቱ አይቀንስም?” የሚል ይኖራል። በ24 ቢት ስትቀዱ ከታች ያለው ቦታ እጅግ ሰፊ ነው፤ የሸክላው የራሱ ሹክሹክታ ከዚያ ወለል በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ 6 ወይም 7 ዴሲቤል መተው የሚያሳጣው ነገር የለም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዝቅ የምታደርጉት ካርዱ ላይ ባለው ማዞሪያ መሆን አለበት። ካርዱ ራሱ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ስክሪኑ ላይ ያለውን ብቻ ብትቀንሱ ድምፁ ተቆርጦ ነው የሚገባው። የሞገዱ ጫፎች -6 ላይ ሆነው እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ከሆኑ ችግሩ ያለው ካርዱ ጋ ነው።

መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ሸክላው እየዘገመ ይሄዳል፤ ድምፁም እየወፈረ ይወርዳል። ያንን ከሌላ ቁራጭ ጋር አትቀጥሉት፤ ገጹን ከመጀመሪያው ቅዱት። አንዱ ገጽ በ44100 እና በ24 ቢት 320 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ይህ ዋናው ነውና ሳይነካ ይቀመጥ።

አሁን ወደ መከፋፈሉ እንምጣ። ዘፈን ቢሆን ቀላል ነበር። ትንሹ ሸክላ ብዙውን ጊዜ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ነው፤ ትልቁም ቢሆን በዘፈኖች መሐል ጸጥታ አለው። Audacity ላይ `Label Sounds` የሚባለው መሣሪያ ጸጥታውን ፈልጎ ምልክት ያደርጋል። የሸክላ ጸጥታ ግን ባዶ አይደለም፤ የእኛው -48 ዴሲቤል አካባቢ ይሻከራል። ስለዚህ “ከዚህ በታች ጸጥታ ነው” የሚለውን መስመር -42 ላይ አደረግን። ከዚያ በታች ብናወርደው ሻካራውን ራሱን እንደ ድምፅ ይቆጥረዋል።

ጸጥታው ቢያንስ 1 ሰከንድ ይሁን ስንለው ከ150 በላይ ቁራጭ አወጣ። 22ቱ ሱራዎች በድምሩ 157 አያ አላቸው፤ መሣሪያው የቆረጠው ቃሪኡ በየአያው መጨረሻ ትንፋሽ በወሰዱበት ነው። 3 ሰከንድ ስንለው ደግሞ 17 ብቻ ሰጠን፤ አምስት ሱራዎች ከጎረቤታቸው ጋር ተጣብቀዋል። ምክንያቱን ያገኘነው በሰዓት ነው። በደቂቃ 33 ከሲሶ የሚዞር ሸክላ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1.8 ሰከንድ ነው። ሸክላው ላይ ያለው ረጅም ጭረት በየ1.8 ሰከንዱ “ጠቅ” እያለ ጸጥታውን ይሰብረዋል፤ መሣሪያውም ሙሉ 3 ሰከንድ ጸጥታ አያገኝም።

በ1 ሰከንድ የተቆረጠውን እንዲሁ እንተወው እንዳንል ሱረቱል-ማዑን አለች። 4ኛው አያ ለብቻው ሲሰማ ዛቻው ለሰጋጆች ሁሉ የመጣ ይመስላል። 5ኛው አያ ነው ከሶላታቸው የሚዘናጉት እንደሆኑ የሚያብራራው። ሁለቱ በተለያየ ፋይል ሆነው ስልክ ላይ ከተደባለቁ ወይም አንዱ ለብቻው በቴሌግራም ከተላከ የሰሚው ጆሮ ላይ የሚቀረው የተገለበጠ ትርጉም ነው። የወቅፍን ነገር የተማረ ሰው ያውቃል፤ ማሽኑ ግን የሚያውቀው ጸጥታን ብቻ ነው።

ስለዚህ በጆሮ ሠራነው። አንዱ ሙስሐፍ ይዞ ይከታተላል፤ ሌላው እያጫወተ አዲስ ሱራ ሲጀመር `Ctrl+M` ይጫናል። ከዚያ እያንዳንዱን ምልክት ወደ ኋላ ስበን ከቢስሚላሁ ግማሽ ሰከንድ ቀደም ብለን አኖርነው፤ ቢስሚላህ ያለፈው ሱራ ጅራት እንዳይሆን። ስሞቹን ከ`093` እስከ `114` በሦስት አኃዝ ጻፍን፤ ስልኩ በቅደም ተከተል እንዲያሰልፋቸው ነው። ድምፁን ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግም ሳንቆርጠው ሙሉውን ገጽ በአንድ መጠን አነሳነው። እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ብናነሳ ቃሪኡ ዝግ ብለው የቀሩት ሱራ እንደ ጩኸት በሆነ ነበር።

በምልክቶቹ ከፋፍለን ካወጣን በኋላ ሁለት ነገር አጣራን። አንደኛ፣ ፋይሎቹ 22 መሆናቸውንና ርዝመታቸው ሲደመር ከዋናው ገጽ ጋር መግጠሙን። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን የመጀመሪያና የመጨረሻ 5 ሰከንድ መስማት፤ የጎደለ ፊደል ቢኖር የሚገኘው እዚያ ነው። ሁሉም ሲያልፍ በኤምፒ3 ለውጠን ለሐጂ ስልክ ላክን፤ ሙሉው ገጽ 20 ሜጋባይት እንኳ አልሞላም። ሸክላዎቹን ደግሞ ከቆርቆሮው ግድግዳ አርቀን፣ ጥላ ባለበት፣ አንዱን ባንዱ ላይ ሳንጭን ቀጥ አድርገን አቆምናቸው። በቆላ ሙቀት ተጋድሞ የተደራረበ ሸክላ ይጎብጣል፤ ከጎበጠ ሸክላ ላይ ደግሞ መርፌው ይዘላል።