«በቀር» የምትለው ቃል

የመድን ደላላ ነኝ። «ደላላ» ሲባል የሚነሳውን ፈገግታ ለምጄዋለሁ፤ እንጀራዬ ግን ከማንም በላይ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ከጻፍኳቸው ሁሉ አልረሳውም ያልኩት ለአንዲት የደብረ ብርሃን የገብስ ነጋዴ የላክሁት ነው። መጋዘናቸው ከነእህሉ 8 ሚሊዮን ብር ያወጣል፤ ሁለት ኩባንያዎች ዋጋ አቅርበውላቸዋል። አንደኛው በዓመት 12,000፣ ሁለተኛው 20,000 ብር።

«ልጄ፣ እሳቱ አንድ እሳት አይደል?» አሉኝ በስልክ።

አንድ አይደለም። የርካሹ ውል እሳትንና መብረቅን ይሸፍናል፤ ከዚያ ግን «በሁከት፣ በአድማና በሕዝባዊ ብጥብጥ ከሚደርስ ጉዳት በቀር» ይላል። ነበልባሉ ያው ሆኖ ሳለ ክብሪቱን የጫረው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። የአጣዬን የ2013 ዓ.ም. ቃጠሎ ለሚያስታውስ የሰሜን ሸዋ ሰው ይህቺ «በቀር» ተራ ቃል አይደለችም። ሁለተኛው ኩባንያ ሁከትን ጨምሯል፤ የ8,000 ብሩ ልዩነት እዚያ ላይ ነው። ጦርነትን ግን ሁለቱም አይሸፍኑም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና መምጣቱን እትዬ ያውቃሉና፣ ይህን በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ አሰፈርኩት።

ከዚያ የሚከብደው መጣ። ውዱን መምከሬ ነው፤ ኮሚሽኔ ደግሞ ከአረቦኑ ይታሰባል፤ አረቦኑ ሲበዛ የኔም ይበዛል። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ፣ «ሁለተኛውን ቢመርጡ እኔም የበለጠ አገኛለሁ፤ ምክሬን ይህን አውቀው ይመዝኑት» ብዬ ላክሁት።

እትዬ ኮሚሽኔን ከምንም አልቆጠሩትም። «ሁለተኛውን እወስዳለሁ፤ ዋጋውን ግን 4 ሚሊዮን በልልኝ» አሉ። አረቦኑ በግማሽ እንዲወርድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። 8 ሚሊዮን የሚያወጣ ንብረት በ4 ሚሊዮን ከተመዘገበ፣ ኩባንያው ከእያንዳንዱ ጉዳት ግማሹን ብቻ ነው የሚከፍለው። የ2 ሚሊዮን ብር እህል ቢቃጠል 1 ሚሊዮን ይታሰባል፤ ከዚያም ባለንብረቱ የሚሸከመው 10 በመቶ ይቀነስና 900,000 በእጅ ይገባል። ቀሪው 1,100,000 የራሳቸው ኪሳራ ነው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«እንግዲያው ግማሹን እህል አንኮበር የአባቴ ቤት ላግባው» አሉኝ።

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር! ከ5 ሚሊዮን ብሩ እህል ግማሹ ከወጣ፣ መጋዘኑ በእውነትም 5 ሚሊዮን ተኩል ያወጣል፤ በሁለተኛው ኩባንያ ተመን አረቦኑ 13,750 ብር ይሆናል፤ ከርካሹ ብዙም አይርቅም። አንድ ክፉ ቀንም ሁሉን አይወስድም። ነገር ግን ውሉ የሚያውቀው በላዩ የተጻፈውን ቦታ ብቻ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አንኮበር ያደረው ገብስ ያለ መድን ያድራል።

«እሱን አባቴ ያውቅበታል» ብለው ሳቁ፤ አባታቸው ካረፉ ቆይተዋል። እኔም ሁለተኛውን ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ።