ሲኒየር ሲያዋክብ አቤቱታው በየትኛው በር ይገባል?

በሆስፒታል ውስጥ የጀማሪ ባለሙያ መዋከብ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ መልክ ይዞ ይመጣል። ራውንድ ላይ በታካሚና በአስታማሚ ፊት መዘለፍ፣ የሌሊት ዲውቲ በተከታታይ በአንድ ሰው ላይ መጫን፣ የዓመት ፈቃድን ያለምክንያት ማጓተት፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናን በቂም መሙላት ዋናዎቹ ናቸው። ጠንከር ያለ እርማት ግን ማዋከብ አይደለም። የመድኃኒት መጠን የሳተችን ነርስ ሲኒየሩ እዚያው ቢያስቆማት ታካሚውን ጠብቋል። ልዩነቱ የሚታየው ንግግሩ ከስህተቱ ወጥቶ ሰውየው ላይ ሲያርፍና ሲደጋገም ነው።

በከሚሴም ሆነ በሌላ የአማራ ክልል ከተማ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኛ የሚተዳደረው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ሕጉ ሁለት መንገዶችን ለይቶ ያስቀምጣል። አንደኛው ቅሬታ ነው፤ ሠራተኛው መብቱ ተነካ ብሎ እንዲስተካከልለት ይጠይቅበታል። ሁለተኛው የዲሲፕሊን ክስ ነው፤ ጥፋተኛው ከቃል ማስጠንቀቂያ እስከ ስንብት በሚደርስ ቅጣት እንዲጠየቅ ያደርጋል። ብዙ አቤቱታ ውኃ የሚበላው ሁለቱ በአንድ ማመልከቻ ሲደባለቁ ነው። ዲውቲው እንዲስተካከል የሚጠይቅ ደብዳቤ መሐሉ ላይ «ይቀጣልኝ» ካለ፣ ቅሬታ ሰሚው «የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው»፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ደግሞ «የቅሬታ ጉዳይ ነው» እያለ ይመላለስበታል።

ለምሳሌ ያህል ሥራ ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ትወሰድ። አንድ ሐኪም በራውንድ ላይ «ማን ነርስ አደረገሽ?» እያለ ሦስት ጊዜ አመናጭቋታል። ለሄድ ነርሷ ከተናገረች በኋላ የወሩ ፕሮግራም ሲወጣ የሌሊቱ ተራ እሷ ላይ በዛ፤ የምዘና ነጥቧም ወረደ። እዚህ ላይ ሦስት ጉዳዮች አሉ። ፕሮግራሙና ምዘናው ለቅሬታ ይሆናሉ፤ የዲውቲ ሰሌዳው ቅጂ፣ የቀደመው ወር ሰሌዳና የተሞላው ምዘና ይያያዛሉ። ምዘናው ላይ ሳትስማማ ከፈረመች አለመስማማቷን እዚያው ወረቀት ላይ ብትጽፍ ኋላ ይጠቅማታል። ዘለፋው ደግሞ ለዲሲፕሊን ይሆናል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ክፍል፣ የተባለው ቃል በቃል፣ የሰማው ሰው የሥራ ድርሻ ይጻፍበታል። የታካሚ ስምና የካርድ ቁጥር ግን በማመልከቻው ውስጥ አይገባም፤ ምሥጢር በማውጣት ራሷን ታስጠይቃለች።

ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ቅጂ በእጅ መቅረት አለበት። የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ በቀናት የሚቆጠር አጭር ጊዜ ነው፤ በሽማግሌ ይታረቃል እየተባለ የሚያልፈው ሳምንት ብዙውን ጊዜ መብቱን ይዞ ይሄዳል። ኮሚቴዎቹ የሚያቀርቡት የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ የሚወስነው የተቋሙ ኃላፊ ነው። አዋካቢው ራሱ ኃላፊው ከሆነ ጉዳዩን ለሆስፒታሉ ቦርድና ለዞኑ ጤና መምሪያ ማሳወቅ ይሻላል። ደረጃን ወይም ደመወዝን የነካ ወይም ከሥራ ያሰናበተ ውሳኔ ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት በይግባኝ ይሄዳል። ዘለፋ ብቻውን እዚያ መድረሱ አስቸጋሪ ነው። የአስተዳደር በደል ሲሆን የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላል።

ከሚሴ ባለችበት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ ስለዚህ በዞኑ ደረጃ ማመልከቻ በኦሮምኛ ይቀርባል። ጉዳዩ ባሕር ዳር ሲደርስ ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ዘለፋ በትርጉም ስለሚለሳለስ የተነገረው ቃል በተነገረበት ቋንቋ ተጽፎ ትርጉሙ ከጎኑ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ድርጊቱ ወንጀል ሲሆን መንገዱ ፖሊስ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስድብንና ማዋረድን በአንቀጽ 615 ይቀጣል፤ ሆኖም የሚያስከስሰው በተበዳዩ አቤቱታ ነው። አቤቱታውም ድርጊቱ ወይም ፈጻሚው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የሆስፒታሉ ኮሚቴ እስኪወስን መጠበቅ ይህን ጊዜ ሊያስበላ ይችላል። ድብደባና ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ለውስጥ ኮሚቴ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ በተለይ ጉዳት ካለ በዚያው ቀን ሌላ ሐኪም መርምሮ የሚጽፈው ማስረጃ ወሳኝ ነው።

ኢንተርንና ሬዚደንት ከዩኒቨርሲቲ ጋር ስለታሰሩ በራቸው ሌላ ነው፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ የሬዚደንሲ አስተባባሪ፣ ቀጥሎም ዲን። ነጥብ የሚሰጠው ሲኒየር ራሱ ተከሳሽ ሲሆን ፈተናውን ሌላ መምህር እንዲያይ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። የግል ሆስፒታል ነርስ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ትተዳደራለች፤ አሠሪው ሰብአዊ ክብሯን የነካ ድርጊት ከፈጸመባት ያለማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች፤ በማኅበርም መደራጀት ትችላለች። የመንግሥቷ ነርስ ግን በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብቷን በሕግ በሚወሰን ሁኔታ ቢያውቅላትም፣ ኮሚቴ ፊት የምትቀርበው ብዙውን ጊዜ ብቻዋን ነው፤ ምስክሮቿም ነገ ከዚያው ሐኪም ጋር ራውንድ የሚዞሩ ባልደረቦቿ ናቸው።