ፈረሰኞቹ አይደሉም የሰበሰቡት

ትተሽልኝ የሄድሽውን የልምምድ ወረቀት አየሁት። ድርሰትሽ ጥሩ ነው፤ ነጥብ የቀነሰብሽ እንዳለፈው ጊዜ የባለቤትና የግስ ስምምነት ነው። ከወረቀቱ ጥግ ላይ «አማርኛ የአፍ መፍቻዬ ስላልሆነ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። በዚህ አልስማማም። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንዱን ጥያቄ አብረን እንየው።

«የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላቱን ለጥር 23 በዓል እንጅባራ ላይ ______።»
ሀ) ሰበሰበ  ለ) ሰበሰቡ  ሐ) ሰበሰበች  መ) ሰበሰባችሁ

አንቺ «ለ»ን መረጥሽ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። «ፈረሰኞች» ብዙ ናቸው፣ «አባላቱ»ም ብዙ ናቸው፤ ባዶ ቦታው ጋ ስትደርሺ ጆሮሽ ውስጥ የቀረው ብዛት ብቻ ነው። የጥያቄው አውጪም የፈለገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በጆሮ አትመልሺ፤ እርሳስሽን አንሺና ሰርዢ።

መጀመሪያ «ን» ያለበትን ሰርዢ። «አባላቱን» ድርጊቱ የተፈጸመባቸው ናቸው፤ ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደሉም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ «ካህን» ወይም «ወገን» ላይ ያለው «ን» የቃሉ የራሱ ፊደል ነው። ካነሳሽው የሚቀረው «ካህ» ነው፣ ትርጉም የለውም። ሲነሳ ሙሉ ቃል የሚተርፍ ከሆነ ብቻ ሰርዢ።

ቀጥሎ ለ፣ በ፣ ከ፣ ወደ፣ ላይ እና የመሳሰሉት የተጣበቁበትን ወይም የተከተሉትን ሰርዢ። «ለጥር 23 በዓል» ወጣ፣ «እንጅባራ ላይ» ወጣ።

ከዚያ በ«የ» የሚጀምረውን ሰርዢ። «የአገው ፈረሰኞች» የሚለው የትኛው ማኅበር እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ራሱ ሰብሳቢ አይደለም። አማርኛ ገላጩን ያስቀድማል፣ ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ ያመጣል። የቀረን «ማኅበር» ብቻ ነው።

አሁን የቀረውን በተውላጠ ስም ተኪው። ማኅበሩ «እሱ» ነው፤ እሱ ሰበሰበ። መልሱ «ሀ»። በ«ና» የተያያዙ ሁለት ስሞች ከቀሩ አንድ ላይ ተኪያቸው፦ «እኔና ወንድሜ» እኛ ነን፣ «አንቺና እህትሽ» ደግሞ እናንተ።

በዚሁ መንገድ ሌላውን የሳትሽውን ሞክሪ፦ «ከተማሪዎቹ አንዷ ለአስተማሪዎቹ ደብዳቤ ______።» «ከተማሪዎቹ» ይሰረዛል፣ «ለአስተማሪዎቹ» ይሰረዛል። «አንዷ» እና «ደብዳቤ» ቀሩ። «ደብዳቤ» «ን» ባይኖረውም የሚጻፍ እንጂ የሚጽፍ አይደለም። እንዲህ ሁለት ስም ሲቀርሽ «ማን ጻፈ?» ብለሽ ጠይቂ። እሷ፤ ስለዚህ «ጻፈች»።

መሰረዝ ብቻውን የማይበቃበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም አክብሮት ነው። «አያቴ ነጠላቸውን ለብሰው ከዳንግላ ______» ቢልሽ የሚቀረው «አያቴ» ነው፣ አንድ ሰው። ምርጫው ውስጥ ግን «መጣ»ም «መጡ»ም ይኖራል። ያኔ የሰረዝሻቸውን ቃላት መለስ ብለሽ እያቸው፦ «ነጠላቸውን»፣ «ለብሰው»። ዓረፍተ ነገሩ «እሳቸው» ብሎ ጀምሯል፤ በ«እሱ» ሊጨርስ አይችልም። መልሱ «መጡ» ነው። «ነጠላውን ለብሶ» ቢል ኖሮ «መጣ» ይሆን ነበር።

ወደ ጻፍሽው ነገር ልመለስ። «የመንደሩ ሰውዬ»፣ «የመንደሩ ሴትዮ»፣ «የመንደሩ ሰዎች» የሚሉትን ቤት ውስጥ እንደምትናገሪው በአገውኛ በያቸውና «መንደር» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ የሚሆነውን አዳምጪ። አማርኛው «የመንደሩ» ሦስቱም ጋ አንድ ነው፣ አይነቃነቅም። አገውኛው ግን ወንድ፣ ሴት ወይም ብዙ እንደሆነ እየተከተለ መጨረሻውን ይለውጣል። ያቺ ምልክት የምትታዘዘው ለመንደሩ ሳይሆን ለሰውዬው፣ ለሴትዮዋና ለሰዎቹ ነው።

ማለትም አንቺ ገና በልጅነትሽ፣ አንድ ሐረግ ውስጥ ዋናው ስም የቱ እንደሆነ ሳታውቂ አፍሽን መክፈት የማይቻልበት ቋንቋ ተምረሻል። ፈተናው የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሆኑት ጓደኞችሽም «ፈረሰኞች ማኅበር ሰበሰቡ» ይላሉ፤ እነሱንም ያሳሳታቸው ያው ብዛቱ ነው።

ለማክሰኞ ከዚያው ወረቀት ላይ የሳትሻቸውን የቀሩትን ስድስት ጥያቄዎች ድገሚያቸው። መልሱን ብቻ አልፈልግም፤ የሰረዝሽበት መስመር ይታየኝ። ብትሳሳቺ እንኳ የትኛው ቃል ሳይሰረዝ እንዳመለጠሽ ከመስመሩ እናገኘዋለን።

አስጠኚሽ