ከብዙዎች መካከል አንዱን ለመስማት፦ በበይነ መረብ ትምህርት ተማሪዎችን በንዑስ ክፍሎች ስለ መመደብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ሁሉንም ተማሪ በአንድ ጊዜ አያስተምሩም። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ እያንዳንዱም ድምፁን አውጥቶ የተማረውን ይላል። በበይነ መረብ የሚሰጥ የሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብር ግን በተፈጥሮው ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። አንድ ሰው ይናገራል፤ ሌላው ድምፁን ዘግቶ ይሰማል፤ ወይም የሚሰማ ይመስላል። በሰሜን አሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች የሚኖሩ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆችን ቅዳሜ ማታ በዙም ሳስተምር፣ ጥያቄ በጠየቅሁ ቁጥር የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ልጆች ነበሩ። የቀሩትን ድምፅ የሰማሁት ጉባኤውን በንዑስ ክፍሎች መከፋፈል ከጀመርን በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንዱን የቅዳሜ መርሐ ግብር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዤ፣ አከፋፈሉን፣ የጊዜ አጠባበቁንና ተማሪዎቹን መልሶ የመሰብሰቡን ሥርዓት ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

የዕለቱ ትምህርት ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ነበር። የሙሴ አማት ዮቶር፣ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ለብቻው በሕዝቡ ላይ ሲፈርድ አይቶ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾም የመከረበት ታሪክ ነው። የምንጠቀምበት የዙም አገልግሎት ክፍያ የሌለው በመሆኑ ጉባኤው በ40 ደቂቃ ይዘጋል። ሰዓቱ ሲሞላ ንዑስ ክፍሎቹም አብረው ስለሚዘጉ ጊዜውን አስቀድሞ መደልደል ግድ ነው። እኛ እንዲህ ደለደልነው፦ ለጸሎትና ስም ለመመዝገብ 5 ደቂቃ፣ ለትምህርቱ 8፣ የቡድን ሥራውን ለማስረዳት 2፣ ለውይይቱ 12፣ ለመመለሻ 1፣ ቡድኖቹ ያገኙትን ለማቅረብ 9፣ ለመዝጊያ ጸሎት 2። ድምሩ 39 ደቂቃ ነው፤ አንዷ ደቂቃ ለማይታሰበው ትተርፋለች።

በቅድሚያ የሚወሰነው የክፍሎቹ ብዛት ነው። ብዙ ሰው የተማሪውን ቁጥር ለአራት ወይም ለአምስት አካፍሎ ይጀምራል። እኛ ግን የምንጀምረው በአገልጋዮች ቁጥር ነው። ተማሪዎቻችን ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸውም አደራ ሰጥተውናል። ስለዚህ አገልጋይ የሌለበት ክፍል አንከፍትም። በዚያ ቅዳሜ ከእኔ ጋር አራት አገልጋዮች ስለነበሩ ክፍሎቹ አራት ሆኑ፤ እኔ በዋናው ጉባኤ ቀረሁ። ሌላም ጥንቃቄ አለ። የኔትወርክ መቆራረጥ ከአንድ ክፍል ልጆችን እያስወጣ አንድ ልጅና አንድ አገልጋይ ብቻ ቢቀሩ፣ ልጁ ወዲያው ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ይህን ለአገልጋዮቹም ለወላጆችም አስቀድመን ነግረናቸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የስም ጉዳይ ነው። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት በወላጆቻቸው ስልክ ስለሆነ፣ በተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ የሚነበበው የእናት ስም ወይም «iPhone» የሚል ነው። ስሙ ያልታወቀን ሰው አስቦ መመደብ አይቻልም። ስለዚህ ስም በሚመዘገብበት በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች እያንዳንዱ ልጅ «Rename» የሚለውን ተጭኖ የራሱን ስም እንዲጽፍ እናደርጋለን፤ ላልቻለ እኛው እንቀይርለታለን። በዚያ ማታ የተገኙት ልጆች 18 ሲሆኑ በዝርዝሩ ላይ የታዩት ስሞች ግን 16 ነበሩ። በሁለት ቤቶች ወንድምና እኅት በአንድ ስልክ ተቀምጠው ነበርና። ዙም የሚቆጥረው ስልኩን እንጂ ልጆቹን አይደለም። ሁለቱን ስልኮች በተለያዩ ክፍሎች ብናደርግ፣ በየክፍሉ አራት ስሞች ይኖራሉ፤ ልጆቹ ግን በሁለቱ ክፍሎች አምስት አምስት፣ በሁለቱ አራት አራት ይሆናሉ። ከዚህ ያነሰ ቡድን አንድ ልጅ ሲቋረጥበት ውይይቱ ይሞታል፤ ስድስት ከደረሰ ደግሞ ቢያንስ ሁለቱ ዝም ይላሉ።

«Breakout Rooms» የሚለውን ስትጫኑ ሦስት ምርጫ ይቀርባል። «Assign automatically» የሚለው ተማሪዎችን በዕጣ ይበትናቸዋል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አማርኛ የማይከተሉ አራት ልጆችን በአንድ ክፍል ሊያስቀምጥ ይችላል። «Let participants choose room» የሚለው ምርጫውን ለተማሪዎቹ ይተዋል። ያን ጊዜ ጓደኛሞች ከጓደኞቻቸው ጋር ይሄዳሉ፤ ጓደኛ የሌለው አዲስ ልጅ ግን የት እንደሚገባ ሳያውቅ ይቆማል። እኛ የምንመርጠው «Assign manually» የሚለውን፣ አንድ በአንድ በእጅ መመደብን ነው። በየክፍሉ አማርኛ በሚገባ የሚናገር አንድ ልጅ፣ አዲስ የመጣ አንድ ልጅ፣ በዋናው ጉባኤም ከሚናገሩት ከሦስቱ ቢበዛ አንዱ እንዲኖር እናስባለን። ድልድሉን ከአገልጋዮቹ አንዱ በትምህርቱ 8 ደቂቃዎች ውስጥ ይሠራዋል። ለዚህም አስተናጋጅነቱን ለዚያ ጊዜ ለእርሱ እንሰጠዋለን።

ክፍሎቹ ከመከፈታቸው በፊት ጥያቄዎቹ ተጽፈው መሰጠት አለባቸው። ተማሪዎቹ ወደ ንዑስ ክፍል ሲገቡ በዋናው ጉባኤ በስክሪን የምታሳዩት ነገር አይከተላቸውም፤ በዋናው ጉባኤ የምትናገሩትንም አይሰሙም። ስለዚህ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ መልእክት መላክ፣ ልጆቹም በወረቀት እንዲገለብጧቸው ማድረግ ያስፈልጋል። የዚያ ዕለት ጥያቄዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው፦ በዮቶር ምክር መሠረት ወደ ሙሴ የሚቀርበው ምን ዓይነት ነገር ነው? አለቆቹ ራሳቸው የሚፈርዱትስ? ሁለተኛው፦ በእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ሰው ለብቻው የተሸከመው ሥራ የትኛው ነው? አንደኛው ከመጽሐፉ የሚነበብ መልስ አለው፤ ዝም ያለውን ልጅ ለማናገር ይጠቅማል። ሁለተኛው ግን ከልጆቹ በቀር ማንም የማይመልሰው ነው። «ስለ ትምህርቱ ተወያዩ» ተብሎ የተላከ ቡድን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስለ ሌላ ነገር ያወራል።

ክፍሎቹ ሲከፈቱ አስተናጋጁ በገጹ ላይ ያለውን ዝርዝር ማየት ይኖርበታል። ከስሙ ጎን «not joined» የሚል የተጻፈበት ልጅ ተመድቧል እንጂ አልገባም። በአብዛኛው ግብዣው በስልኩ ላይ መጥቶ «Join» የሚለውን አልተጫነም፤ በቃል መንገር ይበቃል። ወደ ክፍሉ ሲሻገር የተቋረጠም ይኖራል። እርሱም ሆነ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ተመልሶ የሚገባው ወደ ዋናው ጉባኤ ነው። ዋናው ጉባኤ ባዶ ከሆነ ግን ልጁ የጨለመ ስክሪን ብቻ አይቶ፣ ትምህርቱ ያበቃ መስሎት ይወጣል። እኔ ወደየክፍሉ የማልዞረው ለዚህ ነው። በዚያ ማታ በስድስተኛው ደቂቃ አንድ ልጅ ገባ፤ ሰላም ብዬ ጥያቄዎቹን ነግሬው አራት ልጆች ወዳሉበት ክፍል መደብሁት።

በየክፍሉ ያለው አገልጋይ ምስሉን ከፍቶ ድምፁን ይዘጋል። ልጆች ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ማለትን ተምረው ያደጉ ናቸው፤ አገልጋዩ አፉን ከከፈተ ክፍሉ ተመልሶ ትንሽ ጉባኤ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ደቂቃ ጸጥታ ካልሆነ በቀር አይናገርም። ከተናገረም ከልጆቹ አንዱን በስም ጠርቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዲያነብ ይጠይቀዋል እንጂ መልሱን አይሰጥም።

ጊዜውን በተመለከተ ክፍሎቹን ከመክፈታችን በፊት በምርጫዎቹ ውስጥ 12 ደቂቃ ሞልተን፣ ጊዜው ሲያልቅ እንዲያሳውቀን እናደርጋለን። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰዓት የሚያይ ልጅ ጥቂት ነው፤ ቡድኑ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ እንዳለ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ ለሁሉም ክፍሎች መልእክት በሚላክበት «Broadcast» በሚለው ሁለት ጊዜ እንጽፍላቸዋለን። በስድስተኛው ደቂቃ፦ «ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እለፉ»። በአሥረኛው፦ «በጉባኤው የሚናገረውን ምረጡ፤ አንድ ነገር ብቻ ያዘጋጅ»። መልእክቱ በስክሪኑ ላይ ብዙ ስለማይቆይ ከአንድ መስመር መብለጥ የለበትም።

12 ደቂቃው ሲሞላ «Close All Rooms» የሚለውን እንጫናለን። ክፍሎቹ ወዲያው አይዘጉም፤ የ60 ሰከንድ ቆጠራ ይጀምራል፤ ሲያልቅም ሁሉም በራሱ ወደ ዋናው ጉባኤ ይመለሳል። ይህ ጊዜ ሊቀነስ ይችላል፤ እኛ ግን 60ውን አንነካውም፤ የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር ይጨርሱበታልና። አደጋው ያለው ቀድመው ለመመለስ በሚቸኩሉት ላይ ነው። «Leave Room» የሚለውን ሲጫኑ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ «Leave Meeting» የሚለውን የነካ ልጅ ከክፍሉ ብቻ ሳይሆን ከጉባኤው ጭምር ይወጣል። ስለዚህ «ምንም አትንኩ፤ ራሱ ይመልሳችኋል» ብለን አስቀድመን እንነግራቸዋለን። ከተመለሱ በኋላ ከማንኛውም ንግግር በፊት ስሞቹን እንቆጥራለን። 17 ስሞች መሆን ሲገባቸው 16 ነበሩ፤ የጎደለችውን ልጅ የክፍሏ አገልጋይ በስልክ ጠራት፤ ተመልሳ ገባች።

ለማቅረቢያው ለየቡድኑ ሁለት ደቂቃ ደረሰው። የሚናገረው ልጅ ሌላው ቡድን ያላለውን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። ሁለቱ ቡድኖች ስለ ሁለተኛው ጥያቄ የጠበቅነውን ተናገሩ፤ ክፍሉን ማዘጋጀትና መዝሙር ማስጠናት በጥቂት ሰዎች ላይ መውደቁን። ከሦስተኛው ክፍል ግን ከዚያ በፊት በጉባኤ ተናግሮ የማያውቅ የ13 ዓመት ልጅ በተሰባበረ አማርኛ እንዲህ አለ፦ «እኔ ትምህርቱን የምረዳው እርስዋ እየተረጎመች ስለምትጽፍልኝ ነው። ለሌሎችም ትጽፋለች። እርስዋ ግን ትምህርቱን አትሰማም።» የተናገረላት ልጅ 15 ዓመቷ ነው። በየሳምንቱ ትምህርቱ ሲሰጥ በስልኳ ለአምስት ልጆች በእንግሊዝኛ እየጻፈች ትልክላቸው ነበር። ከአገልጋዮቹ ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ትርጉሙን ሁለት አገልጋዮች በተራ ይጽፋሉ። ልጅቷም በሦስተኛው ሳምንት ስለ ትምህርቱ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀች።

ይህ አሠራር ለሁሉም ትምህርት አይሆንም። የተገኙት ከስምንት ካነሱ አንከፋፍልም፤ በአንድ ላይ ሆነው ሁሉም መናገር ይችላሉና። አዲስ የዜማ ትምህርት ሲሆንም በየክፍሉ የድምፅ መዘግየት ስላለ በኅብረት ማዜም አይቻልም፤ አንዱ ሲያዜም ሌላው መስማት ብቻ ነው። ለውይይት ግን አራት ልጆችና አንድ ዝም ያለ አገልጋይ ያሉበት የ12 ደቂቃ ክፍል፣ በትልቁ ጉባኤ ወራት ሙሉ ያልሰማነውን አሰምቶናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።