ከጥያቄው የሚነሳ ስላይድ

በጅዳው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በመካው ኡሙል ቁራ በተለመደው የመመረቂያ ጽሑፍ ሙናቀሻ ተማሪው መጀመሪያ አጠር ያለ ማጠቃለያ ያቀርባል፤ ከዚያ መድረኩ የፈታኞቹ ነው። ጽሑፉን ገጽ በገጽ እየገለጡ አስተያየት ይሰነዝራሉ፣ ተማሪው ይመልሳል። አገር ቤት ግን ክብደቱ ወደ አቀራረቡ ያደላል። ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሰጥና የውስጥና የውጭ ፈታኞች ጥያቄ ይከተላል። በዚህም የተነሳ ብዙዎች ምዕራፉን ቆራርጠው ስላይድ ላይ መለጠፍን ዝግጅት ይሉታል። እኔ ግን አገር ቤት የሚያቀርብም ሰው ለሙናቀሻ እንደሚቀርብ ሆኖ፣ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ጽፎ ስላይዱን ከእነሱ ተነስቶ ቢሠራ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

አንድ ምዕራፍ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። አንዲት ተማሪ ከእነዚህ መካከል ወሎ የገቡ 24 ሴቶችን አነጋግራ «ዳግም የሚያሰድደው ከሥራ ማጣት ይልቅ ዕዳ ነው» የሚል የ40 ገጽ የግኝት ምዕራፍ ጻፈች እንበል። ፈታኙ የሚይዛት የት ላይ ነው? ሴቶቹ አንዷ ሌላዋን እየጠቆመች የተገኙ ከሆነ፣ ሁሉም የአንድ ደላላ ባለዕዳዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ጥያቄ ከታወቀ የደቂቃው ክፍፍልም ይታወቃል፦ ለጥናቱ ጥያቄ 2፣ ለአሠራሩ 4፣ ለግኝቱ 11፣ ለውስንነቱ 2፣ አንዷ ደቂቃ መጠባበቂያ። የንድፈ ሐሳቡ ዳሰሳ በጽሑፉ ሰፊ ቢሆንም እዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ግኝቱ በአራት ስላይድ ይቀርባል፤ የእያንዳንዱ ርዕስ «ሠንጠረዥ 3» ከመባል ይልቅ «ዕዳ ያለባቸው ቀድመው ተመልሰው ሄዱ» የሚል ሙሉ አባባል ይሁን። ሴቶቹ በስንት የተለያየ መንገድ እንደተገኙ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ደግሞ ከ«አመሰግናለሁ» በኋላ ተደብቆ ይጠብቃል።

«ዳሰሳውን ከዘለለች አላነበበችም ይሏታል» የሚል ይኖራል። ፈታኙ ጽሑፉን አስቀድሞ ስለተቀበለ እዚያ ያለውን መድገም ያነበበች አያስመስላትም፤ ስትጠየቅ መልሱ ያለበትን ገጽ መጥራት ግን ያስመሰክርላታል። ስለዚህ ከስላይዱ ሥር ባለው ማስታወሻ ሦስት ነገር ይበቃል፦ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል፣ ወደ ቀጣዩ ስላይድ የሚያሸጋግረው ዓረፍተ ነገር፣ የጽሑፉ ገጽ ቁጥር። ሙሉ ንግግር የተጻፈበት ማስታወሻ ለንባብ ይጋብዛል። ሰው ሲያነብ ደግሞ ይፈጥናል፤ ቤት ውስጥ በ14 ደቂቃ ካለቀ ምልክቱ ይኸው ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ «ድክመትን ቀድሞ ማንሳት ፈታኝን መቀስቀስ ነው» የሚለው ነው። ለጥቃቅን ድክመት እውነት ነው፤ የፊደል ግድፈት ማንም አይናዘዝም። የናሙናው ጉዳይ ግን ዋናውን ድምዳሜ የሚነካ ስለሆነ ፈታኙ አይስተውም። ተማሪዋ ራሷ «ግኝቱ ለእነዚህ ሴቶች እንጂ ለተመላሾች ሁሉ አይሠራም» ካለች፣ የሚቀረው ክርክር ድምዳሜዋ እስከ ምን ድረስ ይዘልቃል የሚለው ይሆናል፤ ያን ደግሞ ተደብቆ የቆየው ሠንጠረዥ ይመልሰዋል።