የኮርኒሱ ማራገቢያ

ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን የምግብ ክፍሉና ማድ ቤቱ የሚለያዩት በአንድ በር ብቻ ነው። በምግብ ክፍሉ ኮርኒስ ላይ አራት ክንፍ ያለው ማራገቢያ ተሰቅሏል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ይኖራል፤ የምናስነሣው ሽንኩርት በሚቁላላበት ቀን ነው። ከድስቱ የሚነሣው የዘይት እንፋሎት በክንፎቹ ላይ ያርፋል፤ አቧራውም በዚያ ላይ እየተጣበቀ ይደራረባል።

አምና ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ መጥረጊያ አስረን ጠረግነው። የላይኛው አቧራ በክፍሉ ሁሉ በነነ፤ ከሥሩ ያለው ቅባት ግን ንቅንቅ አላለም። አስም ያለባቸው እናታችን ሌሊቱን ሲያስሉ አደሩ። በማግሥቱም፣ «አንተ ልጅ፣ ከኮርኒስ አውርደህ በደረቴ ውስጥ አኖርኸው» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ዘንድሮ እናታችንን እኅታችን ዘንድ አዋልናቸውና ሥራውን በሌላ መንገድ ጀመርን። በግድግዳው ማጥፊያ ብቻ ሳንታመን ብሬከሩን አወረድን፤ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋን፤ ከሥሩ አሮጌ አንሶላ አነጠፍን፤ አፍንጫችንንም ሸፈንን። ከዚያም መሰላሉን በአንድ ቦታ አቁመን ክንፎቹን በየተራ በእጅ ወደ እኛ አዞርን።

አሮጌ የትራስ ልብስ በክንፉ ላይ እንደ ከረጢት እስከ ሥሩ አገባን። በሁለት መዳፍ ከላይና ከታች ጫን አድርገን፣ ቀስ ብለን ወደ ጫፉ ሳብነው። አቧራው በከረጢቱ ውስጥ ቀረ፤ አፉን ጠቅልለን አወረድነው። ይህ በደረቁ መሆን አለበት፤ ውሃ ቀድሞ ከነካው አቧራው ጭቃ ሆኖ ይንጠባጠባልና።

ቅባቱ ግን በደረቅ ጨርቅ አይለቅም። በሙቅ ውሃ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠን፣ ጨርቅ ነክረን አጥብቀን ጨመቅን፤ በክንፉ ላይ ጠቅልለን አምስት ደቂቃ ያህል ተውነው። ቅባቱ የሚለሰልሰው በዚህ ጊዜ ነው። ችኩል ሰው ይህን ትቶ በኃይል ይፈትጋል፤ ክንፉም ይጎብጣል። እኛ በአንድ እጅ ከሥር ደግፈን በሌላው ጠረግን፤ በተለይም አየሩን ቀድሞ የሚቀዝፈውን ጠርዝ፣ ቅባቱ በዚያ ይወፍራልና። ወደ ሞተሩ ውሃ እንዳይደርስ በመካከሉ ላይ ደረቅ ጨርቅ ብቻ አሳለፍን። (ጎረቤታችን በቤንዚን ቢጠረግ ይፈጥናል ብለው ነበር፤ ቀለም ያነሣል፣ እሳትም ያስነሣል፤ አልተቀበልናቸውም።)

በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ሳሙናውን ካነሣን በኋላ አደረቅነው፤ ጣታችን ሳይጣበቅ ሲንሸራተት ቅባቱ መልቀቁን ዐወቅን። ከጊዜ ብዛት የመጣው ቢጫነት ግን አልለቀቀም። ብሬከሩን መልሰን በዝግታ ብናስነሣው ተወዛወዘ፤ አጥፍተን ብንመረምር የአንዱ ክንፍ ብሎን ላልቶ ኖሮ አጠበቅነው።

እናታችን ማታ ሲመለሱ ቀና ብለው አዩና፣ «ዛሬስ አቧራውን የት ጣልኸው?» አሉን። በትራስ ልብሱ ውስጥ አሳየናቸው።