የደንበኛ ዋጋና የብዛት ቅናሽ ሲጋጩ

መርካቶ ውስጥ በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ ለሁሉም አንድ ዋጋ የለውም። ለረጅም ጊዜ ደንበኛው የተስማማበት ዋጋ አለው፤ ብዙ ለሚያነሳም ይቀንሳል። ይህ ሁሉ በጭንቅላቱ ስለሚኖር አይምታታበትም። ሥራው ሰፍቶ ትዕዛዝ በሲስተም መቀበል ሲጀምር ግን ሁለቱ ዋጋዎች ለየብቻቸው ይመዘገባሉ። በአንድ ትዕዛዝ ላይ ሲገናኙ የትኛው እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። የጅምላ ሲስተም ከሚበላሽባቸው ቦታዎች ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ የሚጎዳው ታማኙ ደንበኛ ነውና።

በምሳሌ እንየው። አንድ አከፋፋይ የሳሙና ካርቶን እስከ 49 ድረስ በ1,200 ብር፣ ከ50 እስከ 99 በ1,150፣ ከ100 ጀምሮ ደግሞ በ1,100 ይሸጣል እንበል። ደሴ ላለ አንድ ደንበኛው ግን የቱንም ያህል ቢወስድ 1,120 ብር ተስማምቶለታል። ደንበኛው 30 ካርቶን ሲያዝ ተጠቃሚ ነው። ለበዓል 120 ካርቶን ሲያዝስ? ሲስተሙ የእሱን ልዩ ዋጋ ብቻ ካየ 134,400 ብር ይጠይቀዋል። በዚያው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ገዢ ያንኑ 120 ካርቶን በ132,000 ብር ይወስዳል። የዓመታት ደንበኛ 2,400 ብር አስበልጦ ከፈለ ማለት ነው። ነጋዴዎች ዋጋ ይጠያየቃሉና መስማቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚያዝነው በሲስተሙ ሳይሆን በአከፋፋዩ ነው።

ይህን ለማስተካከል ሲቸኩሉ ደግሞ ሁለቱን ቅናሾች የሚደራርቡ አሉ። የ100 ካርቶኑ ቅናሽ 100 ብር ስለሆነ ከ1,120 ላይ ሲነሳ 1,020 ይሆናል። አከፋፋዩ ካርቶኑን ያስገባው በ1,050 ከነበረ በእያንዳንዱ 30 ብር፣ በ120ው ደግሞ 3,600 ብር ይከስራል። ብዙ ስለተሸጠ ቀኑ የተሳካ ይመስላል፤ ኪሳራው የሚታየው ሒሳብ ሲዘጋ ነው።

እኔ የማምንበት መፍትሔ ሲስተሙ ሁለቱን አወዳድሮ ዝቅተኛውን እንዲወስድና በፍጹም እንዳይደራርብ ማድረግ ነው። የደሴው ደንበኛ በ30 ካርቶን 1,120፣ በ120 ደግሞ 1,100 ይከፍላል። ከዚያም እንዲወርድለት ከተፈለገ በእሱ ዝርዝር ውስጥ የራሱ የብዛት እርከን ይጻፍለት።

ይህ ማወዳደር በራሱ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። ለምሳሌ ኦዱ በተባለው የንግድ ሲስተም ላይ አንድ ደንበኛ የራሱ የዋጋ ዝርዝር ሲመደብለት የሚታየው ያ ዝርዝር ነው፤ ሲስተሙ ከሌሎች ዝርዝሮች ጋር አመዛዝኖ ርካሹን አይፈልግም። በዝርዝሩ ውስጥም ለአንድ ዕቃ የተጻፈ ደንብ ለዕቃው ምድብ ከተጻፈው ይቀድማል፣ የምድቡ ዋጋ ቢረክስም። ብዛቱም የሚታየው በየመስመሩ ነው፤ ሻጩ አንዱን ሳሙና በ60ና በ60 ከፍሎ በሁለት መስመር ካስገባው የ100 ካርቶኑ ዋጋ አይመጣም።

ከሁሉ የከፋው የመለኪያ ነገር ነው። ዝቅተኛው ብዛት የሚነበበው ዕቃው በተመዘገበበት መለኪያ ነው። ሳሙናው በፍሬ ተመዝግቦ ካርቶኑ 24 ፍሬ ከያዘ፣ 50 ካርቶን ለማለት 50 ብሎ የጻፈ ሰው ቅናሹን 3 ካርቶን ለገዛ ሁሉ ሰጠው፤ 3 ካርቶን 72 ፍሬ ነውና። መጻፍ የነበረበት 1,200 ነው። ትንሽ የገዙ ሰዎች ደረሰኞች ላይ ትልቁ ቅናሽ ከታየ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው።

እርከኑ ራሱም ሌላ ጣጣ አለው። 99 ካርቶን በ1,150 ሒሳቡ 113,850 ብር ነው፤ 100 ካርቶን በ1,100 ግን 110,000። ከ96 እስከ 99 የሚያዝ ሁሉ 100 ከሚያዘው የበለጠ ይከፍላል። ቅናሹን ከእርከኑ በላይ ላለው ብዛት ብቻ መስጠት ይህን ያጠፋዋል፤ ነገር ግን በአንድ ደረሰኝ ላይ ለአንድ ሳሙና ሦስት ዋጋ ይወጣና ገዢው ይጠራጠራል። አንድ ዋጋ ይቀጥልና 96 ሲገባ ሲስተሙ «4 ካርቶን ቢጨምሩ ጠቅላላው ይቀንሳል» ብሎ ለሻጩ ያሳየው። ገዢው ይህን ራሱ አስልቶ ከሚደርስበት ከሻጩ አንደበት ቢሰማው ይሻላል።

ሲስተም ልታስገቡ ያሰባችሁ አከፋፋዮች፣ ባለሙያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ የቆየ ደንበኛችሁን ምረጡና በትንሽም በትልቅም ብዛት ስንት ሊከፍል እንደሚገባው በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ሲስተሙ ያንን ቁጥር እስኪያወጣ ድረስ ርክክብ አትፈርሙ።